የ15 ዶላሩ ልገሳ እና የ40 ዶላሩ ልገሳ

ባለፈው ሳምንት ለማኅበራችን ቦርድ ስላቀረብኩት የዘመቻ ግምገማ ጫፉን ጣል አድርጌ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ «እስቲ በደንብ ጻፊልን» ስላላችሁኝ ይኸው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የማኅበሩን ስም አልጠቅስም፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ቦርዱ ግን «ለሌሎች ማኅበራትም ይጠቅማል፣ ጻፊው» ብሎ ፈቅዷል።

ማኅበሩ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች ያቋቋምነው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው 30 አረጋውያንን ምሳ ያበላል። አንድ ምሳ ከነማብሰያው፣ ከነትራንስፖርቱ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያህል ይወጣበታል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንፈልጋታለን።

በ2023 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንከር ያለ የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ ሠራን። ከጊቪንግ ቱስዴይ፣ ማለትም ከኖቬምበር 28 እስከ ጃንዋሪ 7፣ የገና ዕለት ድረስ 41 ቀን ሄደ። በጀቱ 6,000 ዶላር ነበር፤ ለሁለት ማስታወቂያ እኩል 3,000፣ 3,000 ተከፈለ።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ ፎቶ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ተከናንበው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ጽሑፉ «ዛሬ ምሳ አልበሉም» ይላል። ሲጫኑት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥበት ገጽ ይከፈታል።

ሁለተኛው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ኩሽና ውስጥ ትልቅ ድስት ይታያል፣ ሽሮ ይንተከተካል፣ ምግብ አብሳይዋ እንጀራ እያጠፈች ስንት ሰው እንደሚበላ፣ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገባ ትናገራለች። ማንም አያለቅስም። ሲጫኑት የሚከፈተው ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ መስጠትም፣ በየወሩ 20 ዶላር መስጠትም ይቻላል።

ገና አለፈ፣ ሪፖርቱ መጣ። አድስ ማናጀር ላይ ያለው ውጤት እንዲህ ይላል። የእንባው ፎቶ 200 ልገሳ አመጣ፤ 3,000 ሲካፈል ለ200፣ አንድ ልገሳ 15 ዶላር ፈጀ። አማካይ ልገሳው 25 ዶላር ስለነበር 5,000 ዶላር ገባ። የኩሽናው ቪዲዮ 75 ልገሳ አመጣ፤ አንዱ 40 ዶላር ፈጀ። አማካዩም 40 ዶላር ስለነበር 3,000 አውጥተን 3,000 አስገባን። ዜሮ ድምር።

ፌብሩዋሪ ላይ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሊቀመንበራችን የተከበሩ አባት ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ግን በ15 ዶላር የሚገኘውን ነገር በ40 ዶላር የሚገዛ ማነው? የሚቀጥለውን ዓመት በጀት በሙሉ ወደ ፎቶው እናዙረው» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ወረቀት ላይ ያለውን ብቻ ላየ ሰው ጋሼ ልክ ናቸው።

ጥያቄው ወረቀቱ ላይ ያለው 15 ዶላር የምን ዋጋ ነው የሚለው ነው። የማስታወቂያ ሥራ እንጀራዬ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ሳየው መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ነው የቆጠረው? ምኑን ነው የቆጠረው?» ብዬ ነው። ሁለት ወር ስጡኝ አልኳቸው፤ በጀቱ እስከዚያ እንዲቆይ ተስማሙ።

መጀመሪያ ማን እንደቆጠረው እንይ። የቆጠረው ራሱ ማስታወቂያውን የሸጠልን ድርጅት ነው። ውሸት ይቆጥራል ማለቴ አይደለም፤ አቆጣጠሩ ግን የራሱ ደንብ አለው። በተለመደው አሠራሩ አንድ ሰው ማስታወቂያውን ተጭኖ በ7 ቀን ውስጥ ከሰጠ ለማስታወቂያው ይመዘገባል። ሳይጫን ስልኩ ላይ እያንሸራተተ አይቶት ብቻ አልፎ፣ በ1 ቀን ውስጥ በሌላ መንገድ ከሰጠም ለማስታወቂያው ይመዘገባል። አስቡት እንግዲህ። አንድ አባላችን ጠዋት ፌስቡክ ላይ ፎቶውን አየ፣ አልነካውም። ከሰዓት በኋላ እኛ የላክነውን የገና ኢሜይል ከፍቶ በየዓመቱ እንደሚያደርገው 50 ዶላር ሰጠ። አድስ ማናጀር «ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላል። በዚያ ላይ አፕል በኤፕሪል 2021 «ይህ አፕ እንዲከታተልህ ትፈቅዳለህ?» የሚለውን ጥያቄ አይፎን ላይ ካመጣ ወዲህ፣ ፌስቡክ በቀጥታ የማያየውን ክፍል በግምት ነው የሚሞላው።

ይህን ለማጣራት ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። አድስ ማናጀር ውስጥ ውጤቱን በክሊክና በዕይታ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ። ሌላው መንገድ ከዘመቻው በፊት እያንዳንዱ ማስታወቂያ ሊንክ ላይ የሚለጠፍ መለያ ነው፤ የእኛው ይህን ይመስል ነበር፦

```
utm_source=facebook&utm_campaign=gena2023&utm_content=kushina
```

የመጨረሻዋ ቃል ለአንዱ kushina፣ ለሌላው photo ነበረች። ሰው በዚያ ሊንክ ገብቶ ሲሰጥ መለያው ከስሙና ከኢሜይሉ ጋር የልገሳ መዝገባችን ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የፌስቡክን ቆጠራ ከራሳችን ደብተር ጋር ማስተያየት ቻልን። ከፎቶው 200 ልገሳ 160ው በሊንኩ የመጣ፣ 40ው «አይቶ ያለፈ» ነበር። ከቪዲዮው 75 ደግሞ 70ው በሊንኩ የመጣ ነው።

ቀጥሎ ምኑን እንደቆጠረ እንይ። የቆጠረው ልገሳን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ሰውን ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከሰጠ ሁለት ልገሳ ነው። በፎቶው የመጡት 160 ልገሳዎች በኢሜይልና በስልክ ቁጥር ሲጣሩ 150 ሰው ሆኑ። ከ150ዎቹ 30ው ድሮውኑ የኛ ለጋሾች ነበሩ! ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፌስቡክን «ልገሳ አምጣልኝ» ስትሉት ቶሎ የሚሰጠውን ሰው ይፈልጋል፤ ቶሎ የሚሰጠው ደግሞ ድረ ገጻችንን ደጋግሞ የጎበኘው የራሳችን ሰው ነው። የድሮ ለጋሾችን ዝርዝር አስገብቶ «እነዚህን አታሳይ» ማለት ይቻል ነበር፤ ዘመቻውን የሠራልን ተቋራጭ ያን አላደረገም። ስለዚህ ያለ ማስታወቂያም ለሚሰጡን ሰዎች ማስታወቂያ ከፈልን ማለት ነው።

ተጣርቶ ሲያልቅ ፎቶው 120 አዲስ ሰው አመጣ፣ ቪዲዮው 60 አዲስ ሰው። አንድ አዲስ ለጋሽ በፎቶው 25 ዶላር፣ በቪዲዮው 50 ዶላር ፈጀ። 15 እና 40 የነበረው 25 እና 50 ሆነ። ገንዘቡም ይቀንሳል፤ የፎቶው አዲስ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን የሰጡት 3,000 ዶላር ነው፣ የቪዲዮው 2,400። አሁንም ፎቶው ይበልጣል። ግን ልዩነቱ የበፊቱን ያህል ዓይን አያወጣም።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው፤ እነዚህ ሰዎች ተመልሰው ይሰጣሉ ወይ?

ስለ ለጋሾች መቆየት ሲወራ ሁለት ነገር ቀድሞ ካልተወሰነ ቁጥሩ እንደፈለጉት የሚጎተት ላስቲክ ይሆናል። አንዱ ጊዜው ነው። ኖቬምበር 28 የሰጠ ሰውና ጃንዋሪ 7 የሰጠ ሰው በአንድ ቀን ቢቆጠሩ የመጀመሪያው 40 ቀን ተጨማሪ ዕድል አለው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ራሱ ከሰጠበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ቆጠርን። ሁለተኛው «ቆየ» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። አንድ ጊዜ የሰጠ ሰው በ12 ወር ውስጥ አንዴም ይሁን እንደገና ከሰጠ ቆየ አልነው። በየወሩ የሚሰጥ ሰው ግን በዚህ ሚዛን ቢለካ በሁለተኛው ወር ካርዱ ራሱ ስለሚቆረጥ ወዲያው «ቆየ» ሊባል ነው፤ ይህ ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ ወርኃዊው ሰው ቆየ የሚባለው በ12ኛው ወር ክፍያም አብሮን ካለ ብቻ ነው። ይህን ትርጉም ውጤቱን ሳናይ በፊት ጽፈን አስቀመጥነው፤ ካየን በኋላ ቢሆን ኖሮ ሁሉም የሚወደውን ትርጉም ይመርጥ ነበር።

ሁለት ወር ያልኳቸው 90 ቀን እስኪሞላ ነበር። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ደብተሩን ስንከፍት ከፎቶው 120 ሰዎች 4ቱ ብቻ እንደገና ሰጥተዋል። ከቪዲዮው 60 ሰዎች ውስጥ 20ዎቹ ገና ከጅምሩ ወርኃዊውን መርጠው ስለነበር፣ 18ቱ አሁንም በየወሩ 20 ዶላር ይሰጣሉ። የቪዲዮው ድምር ከ3,500 ዶላር አልፏል፤ የፎቶው 3,120 ላይ ነው። ማለትም ፌብሩዋሪ ላይ «ተሸንፏል» የተባለው ማስታወቂያ በጸደይ ቀድሟል። በጀቱ እንዳይዞር ያደረገው ይኼ ነው።

በ2025 ጃንዋሪ ላይ የመጨረሻው ሰው 12 ወር ሲሞላው ሙሉ ሒሳቡን ሠራን።

ከፎቶው 120 ሰዎች የቆዩት 9 ናቸው። ከመቶ ሰባት ተኩል። እንደገና የሰጡት በጠቅላላ 270 ዶላር ነው፤ ከመጀመሪያው 3,000 ጋር 3,270። የወጣውን 3,000 ስንቀንስ 270 ዶላር ተረፈ።

ከቪዲዮው 20 ወርኃዊ ሰዎች 13ቱ በ12ኛው ወርም አሉ። አንድ ጊዜ ከሰጡት 40 ሰዎች ደግሞ 8ቱ ተመልሰዋል። በድምሩ 21 ከ60፣ ከመቶ 35 ማለት ነው። ወርኃዊዎቹ ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ 3,420 ዶላር፣ የተመለሱት 8 ሰዎች 400 ዶላር ጨመሩ። ከ2,400 ጋር 6,220። የወጣውን ስንቀንስ 3,220 ተረፈ።

ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ በየጊዜው ይህን የሚከታተለው ፈንድሬይዚንግ ኢፌክቲቭነስ ፕሮጀክት የሚያወጣቸው ሪፖርቶች እንደሚያሳዩት፣ ለአንድ ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰጡ ሰዎች በቀጣዩ ዓመት የሚመለሱት ከአምስት አንድ ገደማ ናቸው። የቪዲዮው አንድ ጊዜ ሰጪዎች 8 ከ40 ማለት ልክ ከአምስት አንድ ነው። ተራ ውጤት ነው፣ ተአምር የለውም። የፎቶው ነው ከተራው በታች የወረደው።

አሁን ያቺን 1 ዶላር ከ50 አምጧት። የካርድ ክፍያ ሳይቀነስ፣ ከፎቶው የተረፈው 270 ዶላር 180 ምሳ ነው፤ ለ30 አረጋውያን ስድስት ቀን። ከቪዲዮው የተረፈው 3,220 ደግሞ ለ71 ቀን ይበቃል። በእኩል ወጪ! ቦርዱ ፊት ይህን ሳነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። «የአንድ ልገሳ ወጪ» የሚለው ቁጥር ስድስት ቀኑን አንደኛ፣ 71 ቀኑን ሁለተኛ አድርጎ ነበር ያስቀመጠው።

ጋሼ ነገሩን ከእኔ በተሻለ አሳጥረው ተናገሩት። «እንግዲህ ፎቶው ለቅሶ ደራሽ ነው ያመጣልን፤ ቪዲዮው ደግሞ እድርተኛ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ሌላ ቃል አንጠቀምም። ለቅሶ ደራሹ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዝኖ መጥቷል፣ የአቅሙን ሰጥቷል፣ ሄዷል። ድንኳኑ ሲነሳ ግን የሚቀረው እድርተኛው ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ቁጥር ብቻውን አይነግርም። ስለዚህ ስልክ አነሳን። ከፎቶው ሰዎች 12ቱን ደወልንላቸው፤ «ስጡን» ለማለት ሳይሆን ለማመስገንና ለመጠየቅ። ዳላስ የሚኖሩ አንድ ሰው ያሉኝ አይረሳኝም። «እኚያ እናት እንዴት ሆኑ? በሉ?» አሉኝ። ደህና ናቸው፣ በየቀኑ ይበላሉ ስላቸው፣ «ታዲያ ይህን ማን ነገረኝ? ከሰጠሁ በኋላ ድምፃችሁ ጠፋ እኮ!» አሉ። ከ12ቱ 7ቱ በተለያየ ቃል ይህንኑ ነው ያሉት። ፎቶው አንድ ጥያቄ ጥሎባቸው ሄደ፤ መልሱን አላገኙም። ከሁሉም ደግሞ «ዛሬ ምሳ አልበሉም» የሚለው ቃል ችግሩን የዛሬ አደረገው። ዛሬ ሰጠሁ፣ ዛሬ በሉ፣ አለቀ። ቪዲዮው ግን ነገም ድስት እንደሚጣድ ከመጀመሪያው ተናግሯል።

ከሄዱት 7 ወርኃዊ ሰዎችም ጋር አወራን። እዚህ ላይ ያገኘነው ማንኛውም ማኅበር ነገ ጠዋት ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ከ7ቱ 4ቱ ለማቆም አልወሰኑም፤ ካርዳቸው ነው የቆመው። ጊዜው ያለፈበት፣ የጠፋ፣ ባንክ የቀየረው። አሌክሳንድሪያ ያሉ አንዲት እናት ስደውልላቸው፣ «ውይ ልጄ! ባንኩ ካርዴን ቀይሮልኝ ነው እንጂ እኔ እኮ እየቆረጣችሁ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ለወራት እየሰጡ መስሏቸው ነበር። የክፍያ ድርጅቱ «ካርዱ አልሠራም» የሚል ኢሜይል በየጊዜው ልኳል፤ የተላከበትን ሳጥን ግን ማንም አይከፍተውም ነበር። ሁለቱ በስልክ ተመልሰዋል፣ ግን ከ12 ወሩ በኋላ ስለሆነ ሒሳቡ ውስጥ አልገቡም። ልብ በሉ፣ «ለጋሽ ተሰላችቶ ሄደ» ብለን የምንመዘግበው ሰው ግማሹ ምናልባት ካርዱ ያለፈበት ሰው ነው። የሚለይበት መንገድም ቀላል ነው፤ ራሱ የሰረዘ ሰው መዝገቡ ላይ «ተሰርዟል» ይላል፣ ካርዱ የቆመበት ደግሞ «አልተሳካም»። ሁለቱን በአንድ ሳጥን አትክተቱ።

እንግዲህ የዚህ ግምገማ ድክመት የቱ ጋ እንዳለም ልናገር፤ ለቦርዱም ነግሬያለሁ።

ሁለቱ ማስታወቂያዎች የሚለያዩት በምስል ብቻ አይደለም። ቪዲዮው የሚወስደው ገጽ ላይ ወርኃዊ ምርጫ ነበር፤ ፎቶው የሚወስደው ላይ አልነበረም። ስለዚህ «ቪዲዮ ከፎቶ ይሻላል» ወይም «እንባ አይሠራም» ብሎ መደምደም አይቻልም። ያወዳደርነው ማስታወቂያውን ከነገጹ ነው። ወርኃዊዎቹን አውጥተን አንድ ጊዜ የሰጡትን ብቻ ብናወዳድር 9 ከ120 እና 8 ከ40 ይቀራል። ልዩነት አለ፤ ግን 8 ሰው ማለት 8 ሰው ነው። ሦስቱ ባይመለሱ ኖሮ ከመቶ 20 የነበረው ወደ 12 ተኩል ይወርድ ነበር። እንዲህ ባለ ትንሽ ቁጥር ላይ ሕግ አይጻፍም። በእርግጠኝነት መናገር የምችለው ትርፉ የመጣው ከ20ዎቹ እድርተኞች መሆኑን ነው።

ሁለተኛው፣ በጀቱን እጥፍ ብናደርግ ውጤቱ እጥፍ አይሆንም። የእኛ ማኅበረሰብ ሰፊ ባሕር አይደለም። አድስ ማናጀር ላይ Frequency የሚል ዓምድ አለ፤ አንድ ሰው ማስታወቂያውን በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው ያሳያል። በዘመቻው መጨረሻ ሳምንት ያ ቁጥር እየወጣ ሲሄድ፣ የአንድ ልገሳ ወጪም አብሮ ወጣ። አዲስ ሰው አልቆ ያንኑ ሰው እየነዘነዝን ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ቦርዱ «ታዲያ ስድስቱንም ሺህ ወደ ቪዲዮው» ሲል እንደገና ቆይ እስቲ ማለት ነበረብኝ።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ለቪዲዮው 4,000 ዶላር። ለድሮ ለጋሾች ማስታወቂያ አይታይም፤ እነሱን በስልክና በኢሜይል ነው የምናገኛቸው። 1,500 ዶላር ለአዲስ ሙከራ፣ የምግብ አብሳይዋ ፎቶ ወርኃዊ ምርጫ ካለው ገጽ ጋር፤ ገጹ ነው ሥራውን የሠራው ወይስ ቪዲዮው የሚለውን እንድናውቅ። የቀረው 500 ዶላር ለማስታወቂያ አይውልም። የቆመ ካርድ ያለውን ሰው በሳምንቱ ውስጥ የምትደውልለት አንዲት ተማሪ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ከዚህ ሁሉ መስመር ውስጥ ይቺኛዋ ገንዘቧን ቶሎ የምትመልስ ይመስለኛል። አንድ እድርተኛ በዓመት 240 ዶላር ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ከተመለሰ 500ው ተሸፈነ።

የእኚያ እናት ፎቶስ? ቦርዱ ላይ አንዲት እህት «ቁጥሩ ባያሸንፍም ባይሆን ለፋሲካ ትንሽ እንጠቀምበት» ብላ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አስተባባሪያችን በስልክ መስመር ላይ ነበር፣ እሱ መለሰላት። «ፎቶው ሲነሳ ለማኅበሩ መዝገብ ነው ተብለው ነው የፈቀዱት። እዚህ ሰፈር የልጅ ልጅ ስልክ ላይ አይተውት፣ ‹ለሰው አገር ሁሉ አልበላችም ተባልኩ?› ብለውኛል» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ፎቶው ወርዷል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰውም ቤታቸው ድረስ ተልኳል። ሪፖርት ላይ ለዚህ ዓምድ የለም፤ እኔ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ።

በ2024 መጨረሻ ያደረግነውን ዘመቻ ለምን አልጨመርሽም የምትሉ ካላችሁ፣ ይህ ግምገማ ሲሠራ ገና 12 ወር አልሞላውም ነበር። የአንድ ወር ልጅ ከአንድ ዓመት ልጅ ጋር ቁመት አይለካካም።

ማኅበር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ያለፈውን ዓመት የለጋሾች ዝርዝር ከፍታችሁ ወርኃዊ ከነበሩት ውስጥ «አልተሳካም» የሚል የተጻፈበትን ቁጠሩ። ከዚያ ስልክ አንሱ።